የአማርኛ አጭር መልእክት በ70 ፊደል ለምን ይሞላል? የክፍል አቆጣጠርና የሒሳብ መመሪያ

ለ10,000 ሰው አንድ የአማርኛ ማስታወሻ ልከው ሒሳቡ የ20,000 መልእክት ሆኖ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ላኪው ድርጅት ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው ጠርጥሬ ነበር። የላክንበትን መዝገብ መስመር በመስመር ስናየው ግን ማንም አላታለለንም። ጽሑፋችን 93 ፊደል ነበር፣ አንዱ የአማርኛ መልእክት የሚይዘው ደግሞ 70 ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ሄዷል፣ እንደ ሁለት ሙሉ መልእክትም ተቆጥሯል።

ይህ መመሪያ ያንኑ የ93 ፊደል ማስታወሻ ይዞ አቆጣጠሩን፣ አከራከሙንና ሙከራውን እየተከተለ ይሄዳል። ጽሑፉ የሕክምና ቀጠሮ ነው፤ ስሌቱ ግን ለቁጠባ ማኅበር ስብሰባም ሆነ ለክፍያ ማሳወቂያ አይለወጥም።

የ70 ቁጥር መነሻ

አንድ አጭር መልእክት በኔትወርኩ ውስጥ ሲጓዝ ለጽሑፉ የተመደበለት ቦታ 140 ባይት ነው። 140 ባይት ማለት 1,120 ቢት ነው። ቦታው ለማንኛውም ቋንቋ እኩል ነው፤ የሚለያየው አንድ ፊደል ከዚህ ቦታ ምን ያህል እንደሚወስድ ነው።

የመልእክቱ ነባር የፊደል ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ብቻ ይሰጣል። 1,120 ለ7 ሲካፈል 160 ይሆናል፤ የታወቀው የ160 ገደብ የመጣው ከዚህ ነው። በ7 ቢት ሊጻፍ የሚችለው 128 የተለያየ ምልክት ነው። በዚያ ውስጥ የላቲን ፊደላት፣ አኀዞች፣ የተለመዱ ሥርዓተ ነጥቦች፣ ጥቂት የአውሮፓ ፊደላት፣ እንዲያውም አንዳንድ የግሪክ ትልልቅ ፊደላት ገብተዋል። የግዕዝ ፊደል ግን አንድም የለም። ቢታሰብም አይገባም ነበር፦ 33ቱ ፊደላት በ7 ዓይነት ሲዘረዘሩ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም።

በኋላ ለቱርክኛ፣ ለስፓኒሽ፣ ለፖርቱጋልኛና ለበርካታ የሕንድ ቋንቋዎች በ7 ቢት የሚሠሩ ተለዋጭ ሰንጠረዦች ተዘጋጅተዋል። ለእኛ ፊደል አልተዘጋጀም። የሕንድ ጽሕፈቶች በኮምፒውተር ውስጥ ተነባቢውንና የአናባቢውን ምልክት ለየብቻ ስለሚጽፉ ብዛታቸው ይቀንሳል። የእኛ «ሉ» ግን «ለ» እና አንድ ተቀጥላ ሆና አትጻፍም፤ ራሷን የቻለች አንድ ምልክት ናት።

ስለዚህ አማርኛ የሚሄደው በሁለተኛው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ምልክት 16 ቢት፣ ማለትም 2 ባይት ይወስዳል። 140 ለ2 ሲካፈል 70 ነው። በላኪ ሶፍትዌሮች ላይ ይህ ምርጫ `UCS-2` ወይም `Unicode` ተብሎ ይታያል፤ የመጀመሪያው ደግሞ `GSM-7` ይባላል። ከዚህ በኋላ ባለ 7 ቢት እና ባለ 16 ቢት እላቸዋለሁ።

ጽሑፉ ከ70 ካለፈ ተከፍሎ ይላካል። እያንዳንዱ ክፍል «እኔ የዚህ መልእክት 1ኛ ክፍል ነኝ፣ በጠቅላላው 2 ነን» የሚል ራስጌ ይጨመርለታል። ራስጌው ከ140ው ባይት ላይ 6 ይወስዳል። የቀረው 134 ባይት ለ67 ፊደል ይበቃል። የላቲኑም በዚያው ልክ ከ160 ወደ 153 ይወርዳል። ተቀባዩ ስልክ ራስጌውን አይቶ ክፍሎቹን ስለሚገጣጥማቸው ሰውየው አንድ መልእክት እንጂ ሁለት አያይም፤ ሒሳቡ ግን የሚሠራው በክፍሎቹ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። 71 ፊደል ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል 70 ይዞ አንዲቷ ብቻ የምትሻገር ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ከተከፈለ ሁለቱም ክፍሎች ራስጌ ይይዛሉ፣ ስለዚህ 67 እና 4 ይሆናል። ወሰኖቹ 70፣ 134፣ 201፣ 268 እያሉ ይቀጥላሉ። ከ140 ፊደል ሁለት ክፍል አገኛለሁ ብሎ ያቀደ ሰው ሦስት ይከፍላል።

ደረጃ 1፦ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ መቁጠር

ማስታወሻው ይህ ነበር፦

«የተከበሩ ወይዘሮ አልማዝ፣ የሕክምና ቀጠሮዎ ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት መሆኑን በአክብሮት እናስታውሳለን፡፡ እባክዎ ካርድዎን ይዘው ይምጡ፡፡»

ሲቆጠር ክፍት ቦታም፣ አኀዝም፣ ነጥብም እያንዳንዱ አንድ ነው። «የተከበሩ» 5፣ ክፍት ቦታ 1፣ «ወይዘሮ» 4፣ ክፍት ቦታ 1፣ «አልማዝ» 4፣ «፣» 1፤ እስካሁን 16። እንዲህ እየተባለ ሲዘለቅ ድምሩ 93 ይሆናል። 93 ከ70 ስለሚበልጥ ይከፈላል፦ 67 እና 26።

ስንጥቁ የት ላይ እንደሚወድቅ ማየት ጥሩ ነው። 67ኛው ፊደል «እናስታውሳለን» የሚለው ቃል መካከል ያለው «ው» ነው። የመጀመሪያው ክፍል «…በአክብሮት እናስታው» ብሎ ያበቃል፤ ሁለተኛው «ሳለን፡፡ እባክዎ…» ብሎ ይጀምራል። ስልኩ በትክክል ከገጣጠመው ማንም አያውቅም። ራስጌው በመንገድ ላይ ከጠፋ ግን ወይዘሮ አልማዝ «ሳለን» ብሎ የሚጀምር መልእክት ይደርሳቸዋል።

ደረጃ 2፦ መከርከም፣ ከማይታየው ጀምሮ

መጀመሪያ አራት ነጥቡን ይመልከቱ። በጽሑፉ ውስጥ ያለው «፡፡» ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ነው እንጂ አራት ነጥብ አይደለም። ትክክለኛው «።» የራሱ ቁጥር ያለው አንድ ምልክት ነው፦ `U+1362`። ሁለት ነጥቡ ደግሞ `U+1361` ነው። በዓይን አይለዩም፣ በሒሳብ ግን ይለያሉ። ሁለቱን ቦታ ማስተካከል ብቻ 93ን ወደ 91 ያወርደዋል፣ ትርጉሙ ላይ አንዳች ሳይነካ። የማንኛውንም ተቋም የመልእክት ቅጾች ስመለከት መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አገኘዋለሁ።

ከዚያ ቃላቱ ይመጣሉ። «የተከበሩ» ከነክፍት ቦታው 6 ነው፤ «ወይዘሮ» ካለ አክብሮቱ አለ፤ ሲወጣ 85። «ወይዘሮ» ወደ «ወ/ሮ» ሲያጥር 84። ትልቁ ቅናሽ ያለው ግን «መሆኑን በአክብሮት እናስታውሳለን» የሚለው ላይ ነው። 20 ፊደል ፈጅቶ የሚሠራው ሥራ የ«ነው» ነው። በ«ነው» ሲተካ 66 ይቀራል፦

«ወ/ሮ አልማዝ፣ የሕክምና ቀጠሮዎ ነገ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ነው። እባክዎ ካርድዎን ይዘው ይምጡ።»

አንድ ክፍል ሆነ። «እባክዎ»ን አልነካሁትም። ከነክፍት ቦታው 5 ነው፣ ብናወጣው 61 ይሆን ነበር፤ ነገር ግን 66ም 61ም ሒሳባቸው አንድ ነው። ከወሰኑ በታች የተቆረጠ ፊደል አንድ ሳንቲም አያተርፍም፤ ትሕትናን በነፃ ማቆየት እየተቻለ መቁረጥ ስስት ነው።

በመከርከም ጊዜ የአጻጻፍ ምርጫም ቁጥር ይለውጣል። «ደርሷል» 4 ነው፣ «ደርሱዋል» 5። «ቋንቋ» 3 ነው፣ «ቁዋንቁዋ» 5። ዲቃላዎቹ ፊደላት ሁለት ድምፅ በአንድ ምልክት ስለሚይዙ እዚህ ላይ በግልጽ ይጠቅማሉ። «ሀ» ወይም «ሐ»፣ «ሰ» ወይም «ሠ» መምረጥ ግን ምንም አያመጣም፤ ሁሉም አንድ አንድ ናቸው። በክፍት ቦታ ፈንታ ሁለት ነጥብ መጠቀምም እንዲሁ።

አኀዞቻችን ደግሞ አመላቸው ልዩ ነው። 100 በግዕዝ «፻» ተብሎ ከ3 ወደ 1 ይወርዳል፣ 1984 ግን «፲፱፻፹፬» ሲሆን ከ4 ወደ 5 ይወጣል። አንባቢው በፍጥነት እንዲያነበው ከፈለጉ የተለመዱትን አኀዞች ይተዉ።

አገናኝ ካለ በጥንቃቄ ይመልከቱት። በባለ 16 ቢት መልእክት ውስጥ የላቲን ፊደልም 2 ባይት ነው የሚወስደው። `https://` ብቻውን 8 ቦታ ይበላል፤ 30 ምልክት ያለው አድራሻ ከ70ው ላይ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

በላቲን ፊደል መጻፍ በእርግጥ ይቆጥባል?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፣ መልሱም እንደሚባለው ቀላል አይደለም። 160 ከ70 ጋር ሲተያይ ላቲኑ ከእጥፍ በላይ የሚይዝ ይመስላል። ነገር ግን እኛ አንድ ፊደል የምንጽፍበትን ድምፅ ላቲኑ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ይጽፈዋል። «አልማዝ» 4 ነው፣ በላቲን 5። የተከረከመውን ማስታወሻ በላቲን ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦

```
W/ro Almaz, yehikmina qeterowo nege maksegno ketewatu
3:00 seat new. Ebakwo kardwon yizew yimtu.
```

በአንድ መስመር ሲቆጠር 96 ነው። በፊደል 66፣ በላቲን 96፤ ሁለቱም አንድ ክፍል ናቸው። ላቲኑ ያተረፈው ነገር የለም፣ ያጠፋው ግን አለ፦ `seat new` የሚለውን «ሰዓት ነው» ብሎ ለማንበብ ዓይን አንድ ጊዜ ይደናቀፋል።

ያልተከረከመው የመጀመሪያው ጽሑፍ በላቲን 136 ይወጣዋል። እዚህ ላይ ልዩነት አለ፦ በፊደል 93 ሆኖ 2 ክፍል፣ በላቲን 136 ሆኖ 1 ክፍል። በሁለቱም ጽሑፎች ላይ የላቲኑ ርዝመት የፊደሉን 1.46 እጥፍ አካባቢ ነው። ይህ ማለት የላቲኑ 160 በፊደል ወደ 110 ገደማ ይመዝናል። ጽሑፍዎ ከ70 ፊደል በታች ከሆነ ላቲን ምንም አይጠቅምም። ከ71 እስከ 110 ባለው ክልል ውስጥ ግማሽ ሒሳብ ይቆጥባል። በጣም ረጅም ለሆነ ጽሑፍ ደግሞ ልዩነቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል፤ ከእጥፍ በላይ አይሆንም። የእኔ ምርጫ ጽሑፉን ወደ 70 ማውረድ ነው፤ የሚነበብ መልእክት በአንድ ክፍል ሒሳብ ይገኛልና።

ደረጃ 3፦ መደባለቅን መከልከል

ከሁሉም የከፋው ሒሳብ የሚመጣው ከንጹሕ አማርኛ አይደለም፤ በላቲን ተጽፎ አንዲት የእኛ ፊደል ከገባችበት መልእክት ነው። የፊደል ሰንጠረዡ የሚመረጠው ለጠቅላላው መልእክት ነው። በ136 የላቲን ፊደላት መካከል አንድ «።» ብትኖር ሁሉም ፊደላት ወደ 16 ቢት ይለወጣሉ።

የላቲኑን የ136 ጽሑፍ እንውሰድ። ቅጹ በላቲን ነው፣ የታካሚዎቹ ስም ግን በመዝገቡ ውስጥ በአማርኛ ተመዝግቧል። ሲላክ `Almaz` የነበረው ቦታ ላይ «አልማዝ» ይገባል። 5 ወጥቶ 4 ገባ፣ ድምሩ 135 ሆነ። ጽሑፉ አጠረ። ነገር ግን አሁን ባለ 16 ቢት ነው፣ ሁለት ክፍል የሚይዘው ደግሞ 134 ነው። አንዲት ፊደል ተረፈች፣ ሦስተኛ ክፍልም ተከፈተላት። ስሙ በላቲን በነበረበት ጊዜ 1 ክፍል የነበረው መልእክት በአንድ ስም 3 ሆነ። ለ10,000 ሰው ሲባዛ 30,000 ክፍል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የተጻፈውና የተከረከመው ግን 10,000 ብቻ ነው።

ይህ ስሕተት በሙከራ ጊዜ አይታይም። ምክንያቱም የሚሞክረው ሰው ራሱ ስሙን በላቲን ጽፎ ነው የሚሞክረው።

መፍትሔው ቅጹን ከተሞላ በኋላ መመርመር ነው። የላቲን ቅጽ ከሆነ ከባለ 7 ቢቱ ሰንጠረዥ ውጭ የሆነ አንድ ምልክት እንኳ ሲገኝ መልእክቱ ሳይላክ እንዲቆም ያድርጉ። ከጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ተቀድቶ የመጣ ጠማማ የጥቅስ ምልክትም ያንኑ ጥፋት ያደርሳል። በአማርኛ ቅጽ ላይ ግን ጠማማ ጥቅስ ተጨማሪ ዋጋ የለውም፤ መልእክቱ ቀድሞውኑ ባለ 16 ቢት ነውና እሱም እንደማንኛውም ፊደል አንድ ይቆጠራል። አብዛኞቹ የስሜት ምስሎች ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ ቢያንስ ሁለት ሁለት ቦታ ይወስዳሉ።

ደረጃ 4፦ የሚለዋወጡትን ቃላት በረጅሙ መቁጠር

66 ያልነው ለወይዘሮ አልማዝ፣ ለማክሰኞ፣ ለጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሌላ ሰው ሲሆንስ?

ቀኑ አያስጨንቅም፤ ከሰባቱ ቀናት ረጅሙ «ማክሰኞ» ስለሆነ ቀድሞውኑ በረጅሙ ቆጥረናል። ስም ያሳስባል። በ«ወ/ሮ» ለሚጠሩ ከስሙ ውጭ ያለው 62 ነው፣ ስለዚህ ለስም 8 ፊደል አለ። «ወለተጊዮርጊስ» ልክ 8 ናት፣ ድምሩ 70፤ በጠርዙ ላይ ቆማ ታልፋለች። «አቶ» ከ«ወ/ሮ» በአንድ ስለሚያንስ ለወንዶች 9 ይተርፋል፤ «ወልደገብርኤል» 8 ሆኖ በደኅና ይገባል። የአባት ስም ቢጨመር ግን ነገሩ ያበቃል፦ «አልማዝ ወልደገብርኤል» ሲባል 75 ይሆናል፣ ሁለት ክፍል። ስለዚህ በቅጹ ውስጥ የሚገባው የራስ ስም ብቻ እንዲሆን ይወሰን።

ሳልጠብቀው የያዘኝ የሰዓቱ አገላለጽ ነው። ከሰዓት በኋላ ለሆነ ቀጠሮ «ከጠዋቱ 3፡00» የሚለው «ከሰዓት በኋላ 10፡00» ይሆናል። 9 የነበረው 14 ሆነ፣ 66ም 71። የጠዋት ታካሚዎች በአንድ ክፍል፣ የከሰዓት ታካሚዎች በሁለት! «ከሰዓት በኋላ» በ«ከቀኑ» ሲተካ «ከቀኑ 10፡00» ልክ 9 ሆኖ ወደ 66 ይመልሰናል። ቅጹን የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በግምት አያገኘውም፤ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ሊሆን በሚችለው ረጅም መልኩ ሞልቶ መቁጠር አለበት።

ደረጃ 5፦ ቆጣሪውን መሥራት

የስልክዎ የመልእክት መጻፊያ ለአንድ ጽሑፍ ይበቃል። በብዙ ስልኮች ላይ የመጀመሪያዋ የአማርኛ ፊደል ስትገባ ቀሪውን የሚያሳየው ቁጥር ከ160 ወደ 70 ሲወርድ ይታያል። ለሺህ ስሞች ግን ፕሮግራም ያስፈልጋል። በፓይተን ይህ ይበቃል፦

```python
import math

GSM = set("@£$¥èéùìòÇ\nØø\rÅåΔ_ΦΓΛΩΠΨΣΘΞÆæßÉ"
          " !\"#¤%&'()*+,-./0123456789:;<=>?¡"
          "ABCDEFGHIJKLMNOPQRSTUVWXYZÄÖÑÜ§¿"
          "abcdefghijklmnopqrstuvwxyzäöñüà")
EXT = set("^{}\\[~]|€")

def count(t):
    if all(c in GSM or c in EXT for c in t):
        n = sum(2 if c in EXT else 1 for c in t)
        one, many = 160, 153
    else:
        n = len(t.encode("utf-16-be")) // 2
        one, many = 70, 67
    return n, (1 if n <= one else math.ceil(n / many))
```

`EXT` ውስጥ ያሉት ምልክቶች በባለ 7 ቢት መልእክት ሁለት ሁለት ቦታ የሚወስዱ ናቸው። `utf-16-be` የተጻፈው በምክንያት ነው። `utf-16` ብቻ ቢባል ፓይተን መጀመሪያው ላይ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ይጨምርና እያንዳንዱ ጽሑፍ በአንድ ይበልጣል፤ በ70 ጠርዝ ላይ ያለ መልእክት በሐሰት ሁለት ክፍል ይባላል። ተራው `len(t)` ለአማርኛ ትክክል ነው፣ የስሜት ምስል ሲገባ ግን ያሳንሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዩኒኮድ የገቡት ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላትም እንደ ስሜት ምስሎቹ ሁለት ሁለት ቦታ የሚወስዱ ናቸው፤ ለአማርኛ የምንጠቀምባቸው ሁሉም ግን አንድ አንድ ናቸው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት በ`UTF-8` ባይት መቁጠር ነው። እዚያ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ነው። የ66ቱ ማስታወሻ 164 ባይት ይሆንና ፕሮግራሙ «ከ160 አልፏል» ይላል። ፋይልዎ ወይም የመረጃ ቋትዎ በ`UTF-8` መቀመጡ ምንም አይደለም፤ ወደ ኔትወርኩ ሲገባ 132 ባይት ነው፣ ከ140 በታች።

ደረጃ 6፦ ላኪው እንዴት እንደሚቆጥር በሙከራ ማወቅ

ቆጣሪዎ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው የላኪው መዝገብ ነው። «ሀ»ን እየደጋገሙ አራት መልእክት ይላኩ፦ 70፣ 71፣ 133 እና 135 ጊዜ የተጻፈባቸው። 70ው 1፣ 71ዱ 2፣ 133ቱ 2፣ 135ቱ 3 ተብለው ሊመዘገቡ ይገባል።

133ቱ 3 ከተባለ አትደናገጡ፣ ስርቆት አይደለም። አንዳንድ ላኪዎች የመልእክቱን መለያ ቁጥር በ2 ባይት ስለሚጽፉ ራስጌው 7 ባይት ይሆናል፣ ለጽሑፉም 66 ፊደል ብቻ ይቀራል። ሁለት ክፍል ያን ጊዜ 132 ነው የሚይዘው። በኮዱ ውስጥ 67ን ወደ 66 ለውጠው ይቀጥሉ። 70ው ራሱ 2 ከተባለ ግን ላኪው ከጽሑፉ ጋር አንድ ነገር እየጨመረ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የቀረ የመስመር መዝለያ ወይም በራሱ የሚለጠፍ ፊርማ ነው። መስመር መዝለያው በ`\r\n` መልክ ከሆነ ሁለት ቦታ ይወስዳል።

ሲበላሽ ምን ይመስላል

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ጽሑፉ የማይነበብበት ጊዜም አለ፤ እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ መልክ ስላለው መንሥኤውን ከተቀባዩ ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል።

በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ አንድ `?` ብቻ ከታየ ጽሑፉ ባለ 7 ቢት ተብሎ ተልኳል፣ ወይም ፊደሉን መያዝ በማይችል የመረጃ ቋት ውስጥ አልፏል። «ሰላም» `???` ከሆነ ዋናው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ መልሶ ማግኘት አይቻልም። በ`SMPP` የሚልኩ ከሆነ `data_coding` የሚለው 8 መሆኑን ያረጋግጡ፤ 0 ከሆነ መንሥኤው እሱ ነው።

በአንድ ፊደል ፈንታ ሦስት ምልክት ከታየ፣ ለምሳሌ «ሰ» `áˆ°` ሆኖ ከመጣ፣ የ`UTF-8` ሦስቱ ባይቶች ለየብቻ እንደ ላቲን ፊደል ተነብበዋል። በየሦስቱ የሚመላለሰው `á` ምልክቱ ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ አልጠፋም፤ ከመላኩ በፊት ወደ ባለ 16 ቢት አልተለወጠም ማለት ነው።

ሦስተኛው መልክ እንግዳ ነው። «ሰ» በሚገባበት ቦታ `〒` የሚል የጃፓን የፖስታ ምልክት ይመጣል። «ሰ» በዩኒኮድ `1230` ነው፤ ሁለቱ ባይቶች ሲገለበጡ `3012` ይሆናሉ፣ ያ ቁጥር ደግሞ የፖስታው ምልክት ነው። ኔትወርኩ ትልቁን ባይት አስቀድሞ ይጠብቃል፣ ፕሮግራሙ ግን ትንሹን አስቀድሟል። ከላይ በኮዱ ውስጥ ያለው `-be` ይህንንም ይከላከላል፤ በላኪው ፕሮግራም ውስጥ `utf-16-le` የሚል ካገኙ ይለውጡት።

አንዱ መልእክት ሁለት ሆኖ፣ በቃል መካከል ተቆርጦ ከደረሰ ደግሞ ክፍሎቹ ያለ ራስጌ ተልከዋል። ይህንን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን በገዛ እጁ እየቆረጠ የሚልክ ፕሮግራም ነው፤ መቁረጡን ለላኪው ጌትዌይ ይተዉለት፣ ወይም በ`SMPP` ከሆነ ራስጌውን ጽፈው `esm_class` ላይ `0x40` ያብሩ። ሒሳቡ በሁለቱም መንገድ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው ግን ወይዘሮ አልማዝ «ሳለን» የሚለውን ቁራጭ አስቀድመው ሊያነቡ ይችላሉ።